የድጋፍ ኢንቦክስን ጫና መለካት፦ ስለ ምላሽ ጊዜ፣ ስለ ውዝፍና ስለ ብዛት ሪፖርቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ3 እስከ 10 ሰው ሆነው አንድ የጋራ ኢሜይል ለሚመልሱ ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ አዲስ አበባ ያለ የኦንላይን ሱቅ፣ 4 የድጋፍ ሠራተኞች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ከሰዓት 11:30 የሚሠሩ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው፤ የራስዎን እየተኩ ያንብቡ።

ከሦስቱ ሪፖርቶች አንዱን ብቻ ብንይዝ አይበቃም?

አይበቃም፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሲነበብ የሚደብቀው ነገር አለ። የብዛት ሪፖርት ስንት ጉዳይ እንደመጣ ይናገራል እንጂ ተመለሰ አልተመለሰ አያውቅም። የውዝፍ ሪፖርት በአንድ ቅጽበት ሳይዘጋ ያደረውን ይቆጥራል፤ ግን ያው 60 ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ ይሁን ወይም በየቀኑ በአዲስ 60 እየተተካ ይሁን አይለይም።

ከሁሉ አሳሳቹ የምላሽ ጊዜ ነው። የሚለካው ምላሽ ያገኙትን ብቻ ነውና። ሳምንት ሙሉ መልስ ያጣ ደንበኛ ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ትኩስ ትኩሱንና ቀላል ቀላሉን እየመለሰ አስቸጋሪውን ወደ ታች የሚገፋ ቡድን የምላሽ ጊዜው 20 ደቂቃ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ከታች የተጠራቀመው የሚታየው ውዝፉን በዕድሜ ከፍለው ሲያዩት ብቻ ነው። የምላሽ ጊዜ ቁጥር አጠገብ «እስካሁን ያልተመለሱ» የሚል ሁለተኛ ቁጥር ከሌለ ሪፖርቱን አይመኑት።

«አንድ» ብለን የምንቆጥረው ምኑን ነው? መልእክቱን ወይስ ጉዳዩን?

ጉዳዩን። አንድ ደንበኛ ስለ አንድ ዕቃ 5 ጊዜ ቢጽፍ አንድ ጉዳይ ነው። መልእክት እየቆጠሩ ብዛት ማውጣት የሚጎዳው በተለይ ውዝፍ በበዛ ጊዜ ነው፤ መልስ ያጣ ደንበኛ «ምነው ዝም አላችሁ?» ብሎ ደግሞ ይጽፋል፣ ብዛቱ ያድጋል፣ ሥራ የጨመረ ይመስላል። የጨመረው ግን የራሳችን መዘግየት ነው።

ከቆጠራው የሚወጡትንም አስቀድመው ይወስኑ፦ ስፓም፣ ከባንክ ወይም ከክፍያ ሥርዓት የሚመጣ አውቶማቲክ ማሳወቂያ፣ የሌላ ሰው «ቢሮ የለሁም» ምላሽ፣ እንዲሁም ወደ አንድ የተቀላቀሉ ድርብ ጉዳዮች። ምን እንደሚወጣ በአንድ መስመር ጽፈው ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ያኑሩት። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ሪፖርቱን ሲረከብ ቁጥሩ በድንገት የሚዘለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ መስመር ስላልነበረ ነው።

ከመጣው በላይ ዘግተናል፤ ታዲያ ውዝፉ ለምን ጨመረ?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ሁለት ቁጥር ብቻ ሲነጻጸር ነው፦ አዲስ የመጣና የተዘጋ። ሦስተኛው፣ ማለትም ተዘግቶ የነበረና ደንበኛው ደግሞ ስለጻፈ እንደገና የተከፈተው፣ ይረሳል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ካደረው ላይ አዲሱንና እንደገና የተከፈተውን ደምረው የተዘጋውን ሲቀንሱ የዕለቱ ማታ ውዝፍ ይወጣል። የምሳሌያችን ሳምንት ይኸውና፤ ሰኞ ጠዋት የነበረው ውዝፍ 62 ነው፣ የሰኞ አዲስ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የገባውን ይጨምራል።

| ቀን | አዲስ | እንደገና የተከፈተ | የተዘጋ | ማታ ውዝፍ |
|---|---|---|---|---|
| ሰኞ | 118 | 9 | 96 | 93 |
| ማክሰኞ | 84 | 11 | 101 | 87 |
| ረቡዕ | 79 | 10 | 98 | 78 |
| ሐሙስ | 81 | 12 | 72 | 99 |
| ዓርብ | 76 | 8 | 94 | 89 |
| ድምር | 438 | 50 | 461 | |

የተዘጋው 461፣ አዲስ የመጣው 438። በስብሰባ ላይ ይህ ብቻ ከቀረበ ቡድኑ 23 አትርፏል። ውዝፉ ግን ከ62 ወደ 89 ወጥቷል፤ እንደገና የተከፈቱት 50 ጉዳዮች ትርፉን በልተው 27 ዕዳ ጥለዋል።

እነዚህን 50 ጉዳዮች ከፍቶ ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ የሚከፍለውም ብዙ ነው። ከመካከላቸው «አመሰግናለሁ» ብቻ የሚል መልእክት የከፈታቸው ይኖራሉ። 18 ናቸው እንበል። እነዚህ ተከፍተው ወዲያው ስለሚዘጉ ውዝፉን አይቀይሩትም፣ ነገር ግን የተዘጋውን ቁጥር ያሳብጡታል፤ እነሱ ሲወጡ እውነተኛው የተዘጋ 443 ነው። የቀሩት 32 ደግሞ ሳያልቁ የተዘጉ ናቸው። አንድ ዓይነት ምክንያት ከተደጋገመባቸው፣ ለምሳሌ «ገንዘብዎ ይመለሳል» ተብሎ መቼ እንደሆነ ካልተነገረ፣ የሚስተካከለው የመልሱ አብነት ነው፤ የሠራተኛው ፍጥነት አይደለም።

በየቀኑ ያወጡት ሒሳብ ከትክክለኛው ቆጠራ ጋር ካልገጠመ አንድ ነገር እየፈሰሰ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሳይዘጋው የተሰረዘ፣ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ ወይም የተቀላቀለ ጉዳይ ነው።

ውዝፍን መቼ እንቁጠር?

በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ጠዋት ከቆጠሩ ሌሊት የገባውን ይጨምራል፣ ማታ ከቆጠሩ የቀኑ ሥራ ውጤት ነው፤ ሁለቱም ይሆናሉ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሌላ ቀን ማታ ግን አይሆንም። ሌላው ነገር፣ ውዝፍ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቆጠርም። ያለፈው ማክሰኞ ማታ ስንት ጉዳይ ክፍት እንደነበር ዛሬ ማወቅ ከፈለጉ የእያንዳንዱን ጉዳይ የመከፈትና የመዘጋት ታሪክ መልሶ መገጣጠም ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጥሩ በዕለቱ መመዝገብ አለበት።

ቡድኑ ጂሜይል የሚጠቀምና የተጨረሰ ጉዳይን አርካይቭ የሚያደርግ ከሆነ ኢንቦክስ ውስጥ የቀረው ሁሉ ውዝፍ ነው። ይህ አጭር የአፕስ ስክሪፕት ኮድ ቁጥሩን በየቀኑ ሺት ላይ ይጽፋል፦

```
function snapshot() {
  const q = ['in:inbox', 'in:inbox older_than:1d', 'in:inbox older_than:3d'];
  const n = q.map(s => GmailApp.search(s, 0, 500).length);
  SpreadsheetApp.openById('SHEET_ID')
    .getSheetByName('backlog')
    .appendRow([new Date(), ...n]);
}
```

`SHEET_ID` የሚለውን በሺትዎ አድራሻ ውስጥ ባለው መለያ ይተኩና `backlog` የተባለ ገጽ ይክፈቱ፤ ከዚያ በየቀኑ እንዲሠራ ጊዜ ይቅጠሩለት። ሦስት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ የዕለት ቀጠሮ የሚሠራው በመረጡት ሰዓት ውስጥ በአንዱ ደቂቃ ነው እንጂ በትክክል ሰዓቱ ሲሞላ አይደለም። ሁለተኛ፣ በአንድ ፍለጋ የሚመልሰው ቢበዛ 500 ነው፤ ቁጥሩ ልክ 500 ላይ ከቆመ ውዝፉ ከዚያ ይበልጣል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ `older_than` በክሩ ውስጥ አንድም አሮጌ መልእክት ካለ ክሩን ያመጣዋል፤ ስለዚህ የሚለካው ዕድሜ ደንበኛው መጀመሪያ ከጻፈበት ቀን ነው፣ ትናንት ደግሞ ቢጽፍም።

ውዝፍ የሚደበቅበትን ቦታም ይፈትሹ። ጂሜይል ላይ ስኑዝ የተደረገ ጉዳይ እስከ ቀጠሮው ከኢንቦክስ ይወጣል፣ ከቆጠራውም ይጠፋል። እንደ ዜንዴስክ ባሉ ሥርዓቶች ደግሞ መደበቂያው `Pending` እና `On-hold` ነው። `Pending` ማለት ኳሷ ደንበኛው እጅ ላይ ናት ማለት ስለሆነ ከውዝፍ ውጭ ሆኖ ለብቻው መቆጠሩ ትክክል ነው። `On-hold` ግን መጋዘን ወይም ሒሳብ ክፍልን የምንጠብቅበት ነው፤ ለደንበኛው ያው እኛ ነን፣ ስለዚህ ውዝፍ ውስጥ ይግባ። `Open` እየቀነሰ `Pending` ያለ ምክንያት ካደገ ሰዎች ጉዳዩን ከዓይን እያራቁት ነው፤ 10 ያህሉን ከፍተው የመጨረሻውን መልእክት ማን እንደጻፈ ይዩ። ደንበኛው ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

89 ውዝፍ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም። በቀን ከሚዘጋው ጋር ያካፍሉት፦ ሳምንቱን 461 ተዘግቷል፣ በቀን 92 ግድም ነው፤ 89 ውዝፍ ከአንድ ቀን ሥራ ያነሰ ነው። አዲስ መልእክት ዛሬ ቢቆም ነገ ማታ ኢንቦክሱ ባዶ ይሆናል። ከዚህ አንጻር አያስደነግጥም።

አሁን በዕድሜ ይክፈሉት። 58ቱ ከአንድ ቀን በታች፣ 17ቱ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ 14ቱ ከ3 ቀን በላይ ናቸው እንበል። ችግሩ እነዚህ 14 ናቸው። የአንድ ቀን ሥራ ብቻ በሚያሳድር ኢንቦክስ ውስጥ 4 ቀን የተኛ ጉዳይ ካለ ወረፋው በተራ እየሄደ አይደለም፤ ሰዎች እየመረጡ ነው፣ ወይም ጉዳዩ ባለቤት የለውም። የውዝፍ ሪፖርት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የሚፈቀድልን ቢሆን እኛ ጠቅላላውን ትተን የአሮጌውን ጉዳይ ዕድሜ እንመርጥ ነበር።

ሌላ ጠቃሚ ማመሳከሪያ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሊትል ሕግ ነው፦ በወረፋ ውስጥ ያለው አማካይ ብዛት በጊዜ ከሚገባው ብዛትና አንዱ ከሚቆይበት አማካይ ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። የማታ ውዝፋችን አማካይ 89.2 ነው፤ በቀን የሚገባው፣ እንደገና የተከፈተውን ጨምሮ፣ 97.6። ሲካፈል 0.91 ይመጣል፤ አንድ ጉዳይ በአማካይ የአንድ የሥራ ቀን ግድም ይቆያል ማለት ነው። ሕጉ የሚሠራው ውዝፉ በጣም ሳይጨምር ወይም ሳይቀንስ በቆየበት ጊዜ ላይ ስለሆነ ግምት ብለው ይያዙት። ነገር ግን ሶፍትዌሩ «አማካይ የመፍቻ ጊዜ 1 ሰዓት» ካለዎት ከሁለቱ አንዱ እየሳተ ነው፤ ሲፈተሽ አውቶማቲክ የተዘጉ ጉዳዮች አማካዩን ሲያወርዱት ይገኛል።

የምላሽ ጊዜ ሰዓት መቼ ይጀምራል፣ መቼስ ይቆማል?

የደንበኛው መልእክት ሲገባ ይጀምራል፣ ሰው የጻፈው የመጀመሪያ ምላሽ ሲወጣ ይቆማል። «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለው አውቶማቲክ ምላሽ ሰዓቱን እንዳያቆመው ያረጋግጡ። ካቆመው ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የምላሽ ጊዜው ሌሊትና እሑድም ቢሆን 1 ደቂቃ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሰው በእጁ የሚሠራው ነው። የምላሽ ጊዜ ግብ እንደወጣ «እያየነው ነው፣ እናሳውቅዎታለን» የሚል ባዶ መልስ መብዛት ይጀምራል። ይህን የሚያጋልጠው የምላሽ ጊዜ ሪፖርት አይደለም፤ አንድ ጉዳይ እስኪዘጋ የሚወስደው የመልስ ብዛት ነው። የምላሽ ጊዜ ከ3 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ወርዶ በአንድ ጉዳይ ከ2 መልስ ወደ 3 ከወጣ፣ ደንበኛው ያገኘው መልስ የሌለው ተጨማሪ ኢሜይል ነው፤ ቡድኑም በየጉዳዩ አንድ ትርፍ መልስ እየጻፈ ነው።

አማካይ እንጠቀም ወይስ ሚዲያን?

ሚዲያን፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ ያለውን። አሥር ጉዳዮች በ12፣ 15፣ 18፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35፣ 40፣ 55 እና 1450 ደቂቃ ተመለሱ እንበል። አማካዩ 170 ደቂቃ ነው፤ 170 አካባቢ የጠበቀ ደንበኛ ግን አንድም የለም። ሚዲያኑ 27.5 ነው፣ የብዙዎቹን ቆይታም በትክክል ይገልጻል።

ሚዲያን በበኩሉ ያንን 1450 ደቂቃ የጠበቀ ሰው ሙሉ በሙሉ ይደብቀዋል። ስለዚህ ከጎኑ 90ኛ ፐርሰንታይል ይቀመጣል፤ ከአሥር ዘጠኙ ከስንት ደቂቃ በታች እንዳገኙ የሚናገረው ነው። ጥንቃቄ፦ ሺት ላይ `PERCENTILE` ከላይ ላሉት አሥር ቁጥሮች 55 አይልም፤ በ55 እና በ1450 መካከል አስልቶ 194.5 ይሰጣል። በጥቂት ጉዳዮች ላይ ይህ ቁጥር እንደ ልቡ ይዘላል፤ በሳምንት 50 ጉዳይ ካልሞላዎት ይተዉትና የዘገዩትን በስም ዘርዝረው ያቅርቡ።

ውዝፉን ባጸዳንበት ሳምንት የምላሽ ጊዜያችን ለምን ተበላሸ?

ሪፖርቱ ጉዳዮችን የሚመድበው በተመለሱበት ቀን ስለሆነ ነው። በምሳሌው ላይ ያሉት 14 አሮጌ ጉዳዮች ገና ምንም ምላሽ ያላገኙ ናቸው እንበል። ተኝተው በከረሙበት ሳምንት ሪፖርቱን አልነኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት ቡድኑ ተነሥቶ መለሳቸው፤ እያንዳንዳቸው 40 የሥራ ሰዓት ጠብቀዋል። የሌሎቹ 440 ጉዳዮች አማካይ 1.5 ሰዓት ቢሆን ጠቅላላ አማካዩ 2.7 ሰዓት ይሆናል። ደህና የተሠራበት ሳምንት በእጥፍ ሊጠጋ የባሰ መስሎ ታየ፤ ቡድኑም ሳይታወቀው አሮጌን አለመንካት እንደሚያዋጣ ተማረ።

መፍትሔው ጉዳዮችን በገቡበት ሳምንት መመደብና መለኪያውን «በ4 የሥራ ሰዓት ውስጥ የተመለሰ ከመቶ ስንት» ማድረግ ነው። አካፋዩ በዚያ ሳምንት የገባው ሁሉ ነው፣ የተመለሰው ብቻ አይደለም። ያልተመለሰ ጉዳይ እንደ ዘገየ ይቆጠራል፣ ዘግይቶ ማጽዳቱም ያለፈውን ሳምንት እንጂ ያሁኑን አያበላሽም። ሺት ላይ `B` የገባበት፣ `E` የምላሽ ደቂቃ፣ `J1` የሳምንቱ ሰኞ ከሆነ፦

```
=COUNTIFS(B:B,">="&J1,B:B,"<"&J1+7,E:E,"<=240")
 /COUNTIFS(B:B,">="&J1,B:B,"<"&J1+7)
```

ሪፖርቱን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያውጡት። እሑድ የገባ ጉዳይ 4 የሥራ ሰዓቱ የሚሞላው ሰኞ ከቀኑ 6:30 ላይ ነውና፣ ጠዋት ከወጣ ጊዜው ያልደረሰውም እንደ ዘገየ ይቆጠራል።

የሥራ ሰዓት ብቻ እንዴት ይቆጠራል?

ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያሰላ ከሆነ የሥራ ሰዓቱንና በዓላቱን መሙላት ብቻ ነው። ከሺት ከሆነ `B2` የገባበት፣ `C2` የመጀመሪያ ምላሽ፣ `H1` እና `H2` የሥራ መግቢያና መውጫ፣ `H4:H20` የበዓላት ዝርዝር ሆነው ይህ `E2` ላይ ይጻፋል፤ ውጤቱ በደቂቃ ነው።

```
=IF(C2="","",((NETWORKDAYS(B2,C2,$H$4:$H$20)-1)*($H$2-$H$1)
+IF(NETWORKDAYS(C2,C2,$H$4:$H$20),MEDIAN(MOD(C2,1),$H$2,$H$1),$H$2)
-MEDIAN(NETWORKDAYS(B2,B2,$H$4:$H$20)*MOD(B2,1),$H$2,$H$1))*1440)
```

ዓርብ ከሰዓት 11:00 ገብቶ ሰኞ ጠዋት 2:45 በተመለሰ ጉዳይ ይፈትኑት፤ 45 መስጠት አለበት፣ 30 ደቂቃ ከዓርብ፣ 15 ከሰኞ። የምሳ ሰዓት አይቀነስም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቢሮ ግን በዚህ ቀመር አይስተናገድም፣ ምክንያቱም ሁሉም የሥራ ቀን እኩል ርዝመት እንዳለው ይቆጥራል፤ የቅዳሜን ጉዳዮች ለብቻ ማውጣት ይቀላል።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚያሳስቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠራችን ነው፦ `H1` ላይ 2:30 ብሎ የጻፈ ሰው ለኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 8:30 ሥራ ይጀመራል ብሎታል። የሚጻፈው 8:30 እና 17:30 ነው። ሁለተኛው የሰዓት ሰቅ ነው። ብዙ ሶፍትዌር ዳታ ሲያወርዱ በዩቲሲ ያወርዳል፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ። ጠዋት 2:40 ገብቶ 3:00 ላይ የተመለሰ ጉዳይ ፋይሉ ላይ 5:40 እና 6:00 ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱም ከሥራ ሰዓት በፊት ስለሆኑ ውጤቱ 0 ነው። ዜሮ የበዛበት ሪፖርት ካዩ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። መፍትሔው በሁለቱም ዓምድ ላይ `+3/24` መደመር ነው፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስለማትቀይር ዓመቱን ሙሉ ያው ነው።

ከደንበኞቻችን ግማሹ አሜሪካ ናቸው፤ በሥራ ሰዓት ብቻ መለካት ትክክል ነው?

ለቡድኑ ትክክል ነው፣ ለደንበኛው አይደለም። ዋሽንግተን በበጋዋ ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት፣ በክረምቷ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ የገባ ሰው ሲጽፍ በበጋ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶናል። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ያድራል። በሥራ ሰዓት ስሌት 30 ደቂቃ የወሰደ መልስ ለእሱ 12 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ሲደርሰውም ተኝቶ ነው፤ የሚመልሰው ማታችን ላይ ነው፣ አንድ ጉዳይ በሦስት መልስ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ስለዚህ ሁለቱም ይለኩ፦ የሥራ ሰዓቱ ለቡድኑ፣ የግድግዳ ሰዓቱ ለአገልግሎቱ። ልዩነታቸው ከሰፋ ብዛቱን በሰዓት ከፍለው ይሳሉት። ከቀኑ 10 እስከ ከሌሊቱ 6 ያለው ጉብታ ትልቅ ከሆነ ከአራቱ አንዱን ሰው ከሰዓት 8 እስከ ማታ 4 ሰዓት ማዛወር፣ አምስተኛ ሰው ጠዋት ከመቅጠር ይልቅ ይረዳል።

ተጨማሪ ሰው ያስፈልገናል ብለን በቁጥር ማሳየት የምንችለው መቼ ነው?

አቅምን ከሚመጣው ጋር አስተያይተው። አንድ ሰው ከ9 ሰዓት ቀን ውስጥ ምሳው፣ ስብሰባውና ስልኩ ወጥቶ ኢሜይል ላይ የሚያውለው 6 ሰዓት ነው እንበል። 4 ሰው 24 ሰዓት፣ 1440 ደቂቃ ነው። አንድ ጉዳይ በጠቅላላው 14 ደቂቃ ከወሰደ በቀን 103 ያህል መዝጋት ይቻላል። የ14 ደቂቃውን ቁጥር ከሶፍትዌሩ አይውሰዱ፤ ሰው አምስት ገጽ ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ ስለሚሄድ ያሳብጠዋል። ሁለት ቀን እውነተኛውን የኢሜይል ሰዓት መዝግበው ለተዘጋው ማካፈል ይሻላል።

የሚመጣው በቀን 97.6 ነው፤ አቅሙ 95 ከመቶ ተይዟል። የቀረው ትርፍ 5 ጉዳይ ብቻ ነው። አሁን ሐሙስን ይመልከቱ፦ አንድ ሰው ቀረ፣ የሦስቱ አቅም 77 ነው፣ 72 ተዘጋ። አንድ የቀረ ሰው 26 ጉዳይ ያህል ይጥላል፤ በቀን 5 ትርፍ ያንን ለማንሣት 5 የሥራ ቀን ይፈጃል። ማለትም በሳምንት አንድ ሰው አንድ ቀን ቢታመም ይህ ቡድን መቼም አይደርስም። ይህን ዓረፍተ ነገር ይዞ ኃላፊው ጋ መግባት «በጣም ተጨናንቀናል» ከማለት በብዙ ይሻላል።

95 ከመቶ የተያዘ ቡድን ለምን እንደሚያስጠብቅ የወረፋ ሒሳብ ያብራራዋል። በዘፈቀደ የሚመጣ ሥራ ያለበት አንድ ሠራተኛ 80 ከመቶ ሲያዝ ደንበኛው ተራ እስኪደርሰው የአንድ ጉዳይን ጊዜ 4 እጥፍ ይጠብቃል፤ በ90 ከመቶ 9 እጥፍ፣ በ95 ከመቶ 19 እጥፍ። አራት ሰው አንድ ወረፋ ሲጋራ ከዚህ ይቀላል፣ ሆኖም መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ መውጣቱ አይቀርም።

ከመቅጠር በፊት ግን እነዚያን 32 እንደገና የተከፈቱ ጉዳዮች ያስታውሱ። ግማሹን ማስቀረት በቀን 3 ጉዳይ ያህል ያድናል፤ ትርፉ ከ5 ወደ 8 ይወጣል፣ ያለ ደመወዝ።

የእያንዳንዱን ሠራተኛ ቁጥር እንለጥፍ?

አይለጥፉ። በቀን 30 የዘጋ ሰው «ዕቃዬ የት ደረሰ?» የሚለውን ሲመልስ፣ 12 የዘጋው ከባንክ ጋር ስለጠፋ ክፍያ ሲከራከር ውሎ ይሆናል። ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ከወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከባዶቹ ጉዳዮች ባለቤት ያጣሉ፣ የ3 ቀን ውዝፍ ያድጋል። የግል ቁጥር የሚጠቅመው ሰውየው ራሱ ከራሱ ያለፈ ወር ጋር፣ በጉዳይ ዓይነት ተከፍሎ ሲያየው ነው።

ሪፖርቱ በሳምንት ይሁን በወር?

ውዝፍ በየቀኑ ይመዝገብ፣ ሦስቱም በሳምንት ይታዩ። ወርን ከወር ማወዳደር የሚያሳስተው አንዱ ወር 4 ሰኞ፣ ሌላው 5 ስለሚይዝ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚዘጋ ድርጅት ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ካስገባት የ5 ወይም የ6 ቀን ወር ግራፉ ላይ ገደል ትሠራለች። በዓል ያለበትን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ በዓል ጋር ያስተያዩት፤ ፋሲካ ቀኑ ስለሚዘዋወር የሚጣቀሰው በበዓሉ ስም ነው፣ በቀኑ አይደለም። የበዓላት ዝርዝሩንም መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ሞልተው ያስቀምጡ፤ ያለዚያ የገና ማግስት ሪፖርት ቡድኑ 9 ሰዓት ሙሉ ዝም እንዳለ አድርጎ ያወጣዋል።